ፓኬቱ ላይ «ብሉቤሪ፣ የወተት ቸኮሌት» ይላል፣ ታዲያ ቡናው ውስጥ ምን ጨምረውበት ነው? ደረጃ በደረጃ እንየው

ባለፈው አንድ ጓደኛዬ ቡና ገዝቶ መጣና ፓኬቱን ጠረጴዛው ላይ ወርወር አርጎ «ተሸወድኩ» አለኝ። ምን ሆነህ ነው ስለው እዚ ጋ ብሉቤሪ ይላል፣ ቸኮሌት ይላል፣ እኔ ግን አፍልቼ ስጠጣው ቡና ቡና ብቻ ነው ሚለኝ፣ ቸኮሌቱን የት ነው የከተቱት አለ። በዛው ሰሞን ደግሞ የለውዝ ዘር አለርጂ ያለባት የስራ ባልደረባዬ ሌላ ፓኬት ላይ «ሄዝልነት» ሚል ቃል አይታ ደንግጣ ቡናውን መልሳ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። አንዱ ቸኮሌቱን ፈልጎ አጣ፣ አንዷ ለውዙን ፈርታ ሸሸች፣ ሁለቱም ግን ያቺን መስመር ያነበቧት ልክ የብስኩት ፓኬት ጀርባ ላይ እንዳለው የይዘት ዝርዝር አርገው ነው።

ያቺ መስመር አብዛኛውን ጊዜ የይዘት ዝርዝር አይደለችም። ቡናውን የቆላው ድርጅት ውስጥ ያሉ ሰዎች ቀምሰውት «ይሄ ነገር ምን ምን ይላል?» ብለው ተጠያይቀው የጻፉት ነው፣ ማለትም ማመሳሰያ ነው። የተቆላ ቡና ውስጥ ከ800 በላይ ሽታ ያላቸው ውህዶች ተገኝተዋል፣ ከነሱ ውስጥ አንዳንዶቹ ፍራፍሬ ውስጥም ካካዎ ውስጥም ያሉት ራሳቸው ናቸው፣ ስለዚ አፍንጫችን ቢያመሳስል አይፈረድበትም። ግን «አብዛኛውን ጊዜ» ያልኩት በምክንያት ነው፣ እውነትም ፍሌቨር፣ ማለትም ከውጪ የሚገባ የጣዕምና የሽታ ማጣፈጫ፣ የተጨመረበት ቡና አለ፣ ከሁለቱ መሀል ያለ አወዛጋቢ ነገርም አለ። ፓኬት ይዛችሁ እንዴት እንደምትለዩ እኔ ማደርገውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

1. ቃሉ ፓኬቱ ላይ የት ጋ እንደተጻፈ እዩ

ይሄ ከምንም በፊት ነው፣ አምስት ሰከንድም አይፈጅም። ቃሉ የቡናው ስም ውስጥ ከገባ፣ ማለትም በትልቁ «ቫኒላ ኮፊ» «ሄዝልነት ኮፊ» ወይም «ብሉቤሪ ፍሌቨርድ ኮፊ» ከተባለ፣ በጣም ሰፊ በሆነ እድል ፍሌቨር ተጨምሮበታል። በተለይ «ፍሌቨርድ» ሚለውን ቃል ካያችሁ ጉዳዩ እዛው አለቀ።

ቃሉ ደግሞ በትንሹ፣ ከሌሎች ሁለት ሶስት ቃላት ጋር ተደርድሮ፣ «ቴስቲንግ ኖትስ» ወይም «ኖትስ» ወይም «ቴስትስ ላይክ» ከሚል ነገር ስር ከተቀመጠ የቀማሽ ቃና ነው። አጠገቡ ከፍታ በሜትር፣ የቡናው ዝርያ፣ የአዘገጃጀቱ አይነት፣ የተቆላበት ቀን ሲኖር ደግሞ ይበልጥ ልባችሁን ጣሉበት፣ ምክንያቱም ፍሌቨር ሚረጭበት ቡና ሚሸጥ ሰው ብዙ ጊዜ ከፍታውን ምናምን ለመጻፍ አይጨነቅም፣ ሽታው ይሸጥለታላ።

አንድ የምታሳስት ቃል ግን አለች፣ «ናቹራል»። ይቺ ቃል ፓኬት ላይ ሁለት ፈጽሞ ማይገናኙ ነገሮችን ትላለች። «ናቹራል ፕሮሰስ» ወይም ብቻውን «ናቹራል» ካለ እሸቱ ቡና ከነስጋው በደረቁ ተሰጥቶ የደረቀ ነው ማለት ነው፣ ምንም አልተጨመረበትም። «ናቹራል ፍሌቨርስ» ካለ ግን ከተፈጥሮ ነገር የወጣ ፍሌቨር ተጨምሮበታል ማለት ነው። አንዷ «ፍሌቨርስ» ሚለው ቅጥያ ትርጉሙን ገለበጠችው። እኔ ራሴ መጀመሪያ ሰሞን ሁለቱን ሳላምታታ አልቀረሁም።

2. ፓኬቱን ገልብጡና ይዘቱን ፈልጉ

ብዙ አገር የምግብ ሕጉ ፍሌቨር ከተጨመረ ይጻፍ ይላል። አሜሪካ ውስጥ ለምሳሌ ምርቱ በአንድ ፍሌቨር ስም ከተሸጠና ፍሌቨሩ ሰው ሰራሽ ከሆነ ከስሙ ጋር አያይዞ «አርቲፊሻሊ ፍሌቨርድ» ማለት ግዴታ ነው። የአውሮፓ ህብረት በ2011 ባወጣው የምግብ መረጃ ደንብ ደግሞ የተጨመረ ፍሌቨር ይዘት ዝርዝሩ ውስጥ መግባት አለበት፣ በአንጻሩ ምርቱ አንድ ነገር ብቻ ሲሆንና ስሙም ያው ራሱ ሲሆን ዝርዝር ባይኖረውም ይፈቀዳል። ስለዚ ጥሩ ቡና ሚባለው ፓኬት ጀርባ ላይ የይዘት ዝርዝር አጥታችሁ «የደበቁት ነገር አለ» ብላችሁ እንዳትጠረጥሩ፣ ቡና ብቻ ስለሆነ ነው።

ዝርዝር ካለ ግን ከ«ቡና» ቀጥሎ ኮማ አለ ወይ የሚለውን ነው ምታዩት። «100 ፐርሰንት አረቢካ ቡና» ብሎ ካቆመ አበቃ፣ አረቢካ የቡና ዝርያ ስም ነው። «አረቢካ ቡና፣ ናቹራልና አርቲፊሻል ፍሌቨር» ካለ ተጨምሯል። እዚ ላይ ብልጥ የሆኑ አሉ፣ ፊት ለፊት በትልቁ «100 ፐርሰንት አረቢካ» ብለው ከኋላ ፍሌቨሩን ይዘረዝራሉ፣ ሁለቱም ውሸት አይደለም፣ ቡናው መቶ በመቶ አረቢካ ነው፣ ፓኬቱ ውስጥ ያለው ግን መቶ በመቶ ቡና አይደለም።

ፍሌቨሩ እንዴት እንደሚጨመር ማወቁ በኋላ ስታሸቱ ይጠቅማችኋል። ቡናው ተቆልቶ በረድ ካለ በኋላ ማደባለቂያ ውስጥ እየተገላበጠ ፈሳሽ ፍሌቨር ይረጭበታል፣ መጠኑም በተለምዶ ከቡናው ክብደት ከ2 እስከ 3 ፐርሰንት ነው፣ ለ1 ኪሎ ቡና 20 ወይም 30 ግራም መሆኑ ነው። ፍሌቨሩ ብቻውን በቀላሉ ስለሚተን እንደ ፕሮፒሊን ግላይኮል ባለ ተሸካሚ ፈሳሽ ይሟሟል። ስለዚ ያ ሁሉ ሽታ ያለው ፍሬው ላይ ላዩን ነው። ይሄን ያዙልኝ።

3. የአዘገጃጀቷን መስመር አንብቡ፣ አወዛጋቢው እዚ ነው

እሸት ቡና ከተለቀመ በኋላ ምን እንደተደረገበት የምትናገር አንዲት ቃል አለች። «ዎሽድ» ማለት የታጠበ ነው፣ ስጋው ቶሎ ተልጦ ይወገዳል፣ ቡናው ጠራ ያለ ይሆናል፣ ሎሚነት፣ አበባነት፣ ሻይ ሻይ ማለት ከዚ ብዙ ይመጣል። «ናቹራል» ያልነው በደረቁ ነው፣ ፍሬው ከነስጋውና ከነስኳሩ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ፀሀይ ላይ ሲደርቅ ውስጥ ውስጡን ይብላላል፣ እርሾና ባክቴሪያው ስኳሩን እየበላ ኤስተር ሚባሉ ፍራፍሬ ፍራፍሬ ሚሸቱ ውህዶችን ይሰራል። ብሉቤሪ፣ እንጆሪ፣ ወይን ምናምን ሚሉ ቃናዎች በብዛት ሚመጡት ከዚ ነው። ብሉቤሪ ሲነሳ በቡና ቀማሾች ዘንድ ብዙ ጊዜ ስማቸው የሚጠራው በደረቁ የተዘጋጁት የሐረርና የሲዳማ ቡናዎች ናቸው፣ እና ማንም ብሉቤሪ አልጨመረባቸውም፣ የራሳቸው ስጋ ነው ያንን ያመጣው።

«አናኤሮቢክ» ካለ አየር በማያስገባ በርሜል ውስጥ ነው የተብላላው። ቃናው ጠንከር ይላል፣ አንዳንዴ እንደውም አልኮል አልኮል ይላል፣ ግን ይሄም ብቻውን መጨመር ማለት አይደለም።

«ኮ ፈርመንትድ» ወይም «ኢንፊውዝድ» ካለ ግን ቆም በሉ። እዚ በርሜሉ ውስጥ ከቡናው ጋር ሌላ ነገር ገብቷል፣ ፍራፍሬ ሊሆን ይችላል፣ ቀረፋ ሊሆን ይችላል፣ አንዳንዴም በቀጥታ የፍሌቨር ፈሳሽ ሊሆን ይችላል። ቡናው ሳይቆላ በፊት ስለሆነ የተደረገው፣ ብዙ ጊዜ ይዘት ዝርዝር ላይ አታገኙትም፣ ፓኬቱ ላይ ምታዩት «ፒች፣ ከረሜላ» ሚል ቃና ብቻ ይሆናል። የቡና ሰዎችም እዚ ላይ አልተስማሙም፣ ግማሹ ይሄም አንድ የማብላላት ዘዴ ነው ይላል፣ ግማሹ ደግሞ ፍሌቨርድ ቡና ነው በሌላ ስም ይላል። የኔን ከጠየቃችሁኝ መጨመሩ ላይ ችግር የለብኝም፣ ይጥመኛልም አንዳንዱ፣ አለመናገሩ ነው ሚያናድደኝ። በግልጽ «ከፒች ጋር ተብላልቷል» ብሎ ሚጽፍ ሻጭ አለ፣ ዝም ብሎ «ስፔሻል ፈርመንቴሽን» ብሎ ሚያልፍም አለ። ሁለተኛውን ስታዩ ጠይቁ፣ ጥያቄውን መጨረሻ ላይ አመጣዋለሁ።

4. ቃላቱን ወደምትጠብቁት ጣዕም መልሷቸው

እስካሁን ያልተጨመረበት መሆኑን ለይታችኋል እንበል። አሁን ጥያቄው «ብሉቤሪ፣ የወተት ቸኮሌት» ሚለው ኩባያችሁ ውስጥ ምን ሆኖ ይመጣል ነው። ጓደኛዬ የተሳሳተው እዚ ነው፣ ቃል በቃል ጠበቀ።

ቸኮሌቱን እንጀምር፣ ቀላሉ እሱ ነው። ካካዎም እንደ ቡና የፍራፍሬ ውስጥ ፍሬ ነው፣ ይብላላል፣ ይደርቃል፣ ይቆላል። ሁለቱም ሲቆሉ ውስጣቸው ያለው ስኳርና አሚኖ አሲድ በሙቀት ተገናኝቶ ያንን ቡናማ ቀለምና ያንን የተቆላ ሽታ ይፈጥራል፣ ስለዚ ቸኮሌት ቸኮሌት ሚል ቡና ማግኘት ብርቅ አይደለም። እንደውም መካከለኛ አቆላል ያለው ቡና አብዛኛው ከቸኮሌት፣ ከካራሜል ወይም ከለውዝ አንዱን ይላል። ፓኬት ላይ ቸኮሌት ሲጽፉላችሁ እየነገሯችሁ ያለው ኮምጣጣነቱ ዝቅ ያለ ነው፣ ክብደት አለው፣ አቆላሉም መካከለኛ ነው። «ዳርክ ቸኮሌት» ካሉ ምሬት ጨምሩበት፣ «የወተት ቸኮሌት» ካሉ ምሬቱን ቀንሱና ለስለስ ያለ አርጉት። በቃ።

ብሉቤሪው ይከብዳል። ቤሪ ሚል ቃና አንድ ጣዕም አይደለም፣ ምላስ ላይ ያለች ትንሽ ኮምጣጣነት አለች፣ ቡና ውስጥ እንደ ፖም ያለው ማሊክ አሲድም እንደ ሎሚ ያለው ሲትሪክ አሲድም ስላለ፣ እላዩ ላይ ደግሞ ከአፍ ጀርባ ወደ አፍንጫ ሚወጣ የፍራፍሬ ሽታ አለ። ሁለቱ ሲገናኙ አእምሯችን «ቤሪ» ይላል። ምላስ ራሷ ምታውቀው ጣፋጭ፣ ጎምዛዛ፣ ጨው፣ መራራና ኡማሚ ሚባለውን የስጋ መረቅ አይነት ጣዕም ብቻ ነው፣ ብሉቤሪ ሚባል ነገር ምላስ አታውቅም። አፍንጫችሁን በጣት ይዛችሁ ብትጠጡት ብሉቤሪውም ቸኮሌቱም ጥፍት ይላሉ፣ ሞክሩት፣ ምሬትና ኮምጣጣነት ብቻ ነው ሚቀራችሁ።

ጣፋጭነትም እንደዛው ነው። «ጣፋጭ፣ ካራሜል» ብለው ሲጽፉ ስኳር ያለበት ሚመስለው ሰው አለ። ጥሬ አረቢካ ውስጥ ስኳር አለ፣ ከክብደቱ ከ6 እስከ 9 ፐርሰንት ቢሆን ነው፣ ሲቆላ ግን እሱም አብዛኛው ተቃጥሎና ተለውጦ ያልቃል። ጣፋጭ መሰለን ምንለው ከጣፋጭ ነገር ጋር ለምደን ያሸተትነውን ሽታ ስለሚያስታውሰን ነው።

ለጓደኛዬ ይሄን ሳስረዳው አንድ ጥያቄ ጠየቅኩት፣ ብሉቤሪ በልተህ ታውቃለህ? ዝም አለ። በልቶ አያውቅም ለካ! በማያውቀው ፍሬ ነው ቡናውን እየፈተነ የነበረው። እንደዚ ሲያጋጥማችሁ ቃሉን አንድ ደረጃ ወደላይ ውሰዱት። የቡና ቀማሾች ሚጠቀሙበት የቃና ክብ አለ፣ የመጀመሪያው በ1995 የወጣ፣ በ2016 እንደገና የተሰራ፣ መሀሉ ላይ ሰፋ ያሉ ቃላት አሉ፣ «ፍራፍሬ» «አበባ» «ለውዝና ካካዎ» ምናምን፣ ወደ ዳር ስትሄዱ እየጠበበ «ቤሪ» ይሆናል፣ ከዛ «ብሉቤሪ» «እንጆሪ» ይሆናል። ከዳር ያለውን ካላወቃችሁት ወደ መሀል ተመለሱ። ብሉቤሪን «ጠቆር ያለ ጣፋጭ ፍራፍሬ፣ ትንሽ ኮምጠጥ ያለ» ብላችሁ አንብቡት፣ እሱን ካገኛችሁ ፓኬቱ አልዋሸም።

5. ፓኬቱን ደብቁና ቅመሱ

ደብቁ ስል የምሬን ነው። አንዴ «ብሉቤሪ» ሚለውን ካነበባችሁ ብሉቤሪ ትፈልጋላችሁ፣ ከፈለጋችሁ ደግሞ ታገኛላችሁ፣ ባይኖርም። በ2001 የታተመ አንድ የፈረንሳይ ጥናት ላይ የወይን ጠጅ ትምህርት ሚማሩ 54 ተማሪዎች ሽታ በሌለው ቀለም ቀይ የተደረገ ነጭ ወይን ተሰጥቷቸው ለቀይ ወይን ሚባሉትን ቃላት ደርድረውለታል። እነሱ እንኳን እንደዛ ከሆኑ እኛ ማን ነን። ስለዚ ቢያንስ ሁለት የተለያየ ቡና አዘጋጁ፣ አንዱ ምትፈትኑት፣ አንዱ ደግሞ እቤት ያለ ተራ ቡና ለማነጻጸሪያ፣ ከኩባያዎቹ ስር ቁጥር ጽፋችሁ ሌላ ሰው ቦታቸውን ያቀያይርላችሁ። አንድ ቡና ብቻውን ስትጠጡት «ቡና» ነው ሚለው፣ ከጎኑ ሌላ ሲኖር ነው ልዩነቱ ሚጮኸው።

አሰራሩ ቀላል ነው፣ ማሽን ምናምን አይፈልግም። ለያንዳንዱ ኩባያ 11 ግራም ቡና ሸካራ አርጋችሁ ፍጩ፣ መጀመሪያ ደረቁን ዱቄት አሽቱና ያሰባችሁትን ቃል ጻፉ። 200 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ከፈላ በኋላ ትንሽ የቆየ፣ 93 ዲግሪ አካባቢ፣ አፍሱበትና 4 ደቂቃ ሳትነኩት ተዉት። ላዩ ላይ ቅርፊት ይሰራል፣ አፍንጫችሁን ጠጋ አርጋችሁ በማንኪያ ጀርባ ሶስቴ ወደኋላ ገፋ አርጉት፣ ከሁሉ በላይ ሽታው ሚወጣው ያኔ ነው። አረፋውን ጠርጋችሁ ጣሉና ጠብቁ። ትኩስ ትኩሱን አትቅመሱት፣ ከ70 ዲግሪ በላይ ምላስ ማቃጠሉን እንጂ ሌላውን አትለይም። ከ8 ወይም 10 ደቂቃ በኋላ በማንኪያ እየቀዳችሁ በጩኸት ምጉት፣ ነውር የለበትም እዚ፣ ጩኸቱ ነው ሽታውን ወደ አፍንጫ ሚልከው። ከዛ ለብ ሲል ድገሙ፣ ቀዝቅዞም ድገሙ። ስኳርና ወተት እዚ ቦታ የላቸውም፣ ወተት ቤሪውን በተለይ አፍኖ ነው ሚገድለው።

የጓደኛዬን ቡና እንደዚ አድርገን ቀመስነው። በትኩሱ «ቡና ነው» አለ፣ እኔም ከመካከለኛ የካካዎ ሽታ ሌላ ብዙ አላገኘሁም። ለብ ሲል ግን ከተራው ጋር እያቀያየረ ሲምገው ፊቱ ተቀየረ፣ «ይቺኛዋ የቆየ ወይን ፍሬ ወይ የፍራፍሬ ጃም ነገር ትላለች» አለ። ፓኬቱን ከሸሸግንበት አወጣነው፣ ብሉቤሪ። ቃሉን አላገኘውም፣ ነገሩን ግን አገኘው። እቤቱ ለምን እንዳላገኘው ስናጣራ ውሃው ውስጥ ለረጅም ጊዜ እያንተከተከ ያፈላው ነበር፣ እዛ ላይ ወተት። ብዙ ሲፈላ ምሬቱ ይወጣና ሌላውን ይሸፍነዋል፣ ከዛ የቀረውን ወተቱ ጨረሰለት።

ሁሌ ግን ጥፋቱ የጠጪው አይደለም። የተቆላበት ቀን ከብዙ ወራት በፊት ከሆነ የፍራፍሬ ሽታው ተኖ ሄዷል፣ ቸኮሌቱና ለውዙ ይቆያሉ፣ ቤሪውና አበባው ናቸው ቀድመው ሚሄዱት። ደግሞ ጥቁር ሆኖ ዘይት አውጥቶ የተቆላ ፍሬ ላይ «ጃስሚን፣ ብሉቤሪ» ተጽፎ ካያችሁ ሳቁ፣ እንደዛ ሲቆላ እነዛ ሽታዎች ምጣዱ ላይ ነው ሚቀሩት።

6. ተጨምሮበታል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ

ላዩ ላይ ነው ያልኳችሁን አስታወሳችሁ? ሳይፈጭ አስር አስራ አምስት ፍሬ ወስዳችሁ ትንሽ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አንድ ደቂቃ አቆዩና ፍሬውን አውጥታችሁ ውሃውን አሽቱ። የተረጨበት ከሆነ ውሃው ራሱ ቫኒላ ወይም ሄዝልነት ይሸታል፣ ፍሬው ውስጥ ያለ የራሱ ቃና ግን እንደዛ በደቂቃ ታጥቦ አይወጣም፣ ውሃው ደከም ያለ ቡና ቢሸት ነው።

ሁለተኛው ምልክት ሽታው አለመቀየሩ ነው። የራሱ የሆነ ቃና ይንከራተታል፣ ደረቁ ዱቄት ላይ አበባ ያላችሁት ትኩሱ ላይ ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ፍራፍሬ ሆኖ ይመጣል፣ ውሃ ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ ስታሳንሱት ይኮመጥጣል፣ ስታበዙት ይመራል። የተጨመረው ግን ፓኬቱን ስትከፍቱም ስትፈጩም ስትጠጡም ባዶ ኩባያው ላይም ያው አንዱ ነው፣ ከረሜላ። ብዙ ጊዜ ደግሞ ከሽታው ስር ያለው ቡና ሌላ ታሪክ ነው ሚያወራው፣ አፍንጫ ላይ ጣፋጭ ኬክ፣ ምላስ ላይ ግን ዝም ያለ መራራ።

ሶስተኛው ወፍጮው ነው፣ ይሄን በራሴ ላይ ደርሶ ነው ያወቅኩት። አንዴ በስጦታ የመጣልኝን ሄዝልነት ፍሌቨርድ ቡና በደህናው ወፍጮዬ ፈጨሁት፣ ከዛ በኋላ ለሳምንታት የፈጨሁት ቡና ሁሉ ሄዝልነት ሄዝልነት አለኝ፣ በብሩሽ ጠረግኩት፣ ፈታትቼ አጸዳሁት፣ ተራ ቡና ፈጭቼ ደጋግሜ ጣልኩበት፣ ቀስ በቀስ ነው የለቀቀኝ። ተፈጥሯዊ ብሉቤሪ ሚል ቡና ፈጭታችሁ በማግስቱ ሌላ ብትፈጩ እንደዛ አይከተላችሁም። ስለዚ ከጠረጠራችሁት በወፍጮ አትጀምሩ፣ በውሃው ጀምሩ።

እነዚ ሶስቱ ከተቆላ በኋላ ለተረጨበት ቡና ናቸው። 3ኛው ላይ ያወራነው ከመቆላቱ በፊት ከፍራፍሬ ጋር የተብላላውን ግን እቤት ውስጥ በእርግጠኝነት ሚለይ ዘዴ የለም። ፍሬው ውስጥ ገብቷል፣ ተቆልቶበታል፣ በውሃ አይታጠብም። አንድ ነጠላ ፍራፍሬ አለቅጥ ጮኾ ሲመጣ፣ ልክ እንደ ማስቲካ ሲሆን፣ ጥርጣሬ ይገባል፣ ግን ምንም ሳይጨመርበት በአናኤሮቢክ ብቻ እንደዛ ሚጮኽ ቡናም ስላለ በቅምሻ ብቻ ሰው እንዳትከሱ።

7. ሻጩን ሶስት ነገር ጠይቁ

«ቃናው የተፈጥሮ ነው ወይ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ሁሉም አዎ ነው ሚላችሁ፣ ፍራፍሬም እኮ ተፈጥሮ ነው። እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ ከለቀማ እስከ ማሸጊያ ድረስ ከቡና፣ ከውሃና ከእርሾ ውጪ የገባበት ነገር አለ? ሲብላላ ፍራፍሬ ወይም ቅመም ነበረበት? እናንተ ጋር ፍሌቨርድ ቡናም ይሰራል፣ በአንድ ወፍጮና ማሸጊያ ነው?

ሶስተኛዋ ጥያቄ አለርጂ ላለበት ሰው ከሁለቱ ትበልጣለች። የቀማሽ ቃና ሆኖ የተጻፈ «ሄዝልነት» ቡናው ውስጥ ለውዝ አለ ማለት አይደለም፣ ሄዝልነት ፍሌቨር ራሱም ብዙ ጊዜ ከላብራቶሪ እንጂ ከሄዝልነት አይደለም ሚመጣው፣ ግን «ብዙ ጊዜ» ሚለው ቃል ለአለርጂ አይበቃም፣ እዚ ላይ ውሃና አፍንጫ ምናምን አትሞክሩ፣ ጽሁፍ መልስ ጠይቁ። ባልደረባዬ ለዛ መልሳ ላስቀመጠችው ቡና ሻጮች ጻፈችላቸው። ያ ቡና ምንም አልተጨመረበትም፣ ቃናው ከአቆላሉ ነው፣ ግን ሌላ ፍሌቨርድ ቡና በዛው ወፍጮ እንፈጫለን፣ የሱ ፍሌቨር ውስጥ የለውዝ ዘር ይኑር አይኑር አምራቹን እንጠይቃለን ብለው መለሱላት። መልሱ እስኪመጣ አልጠበቀችም፣ ፍሌቨርድ ቡና ጨርሶ ማይሰራ ሌላ ቦታ ፈልጋ ያልተፈጨ ገዛች። ፓኬቱ ላይ ምን ይላል ስላት «የተቆላ ለውዝ፣ ካራሜል» አለችኝ እየሳቀች።